ጨው ያመጣው ሸለቆ

ክረምት ገብቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የወጥ ቤት ጨው መልኩ ይቀየራል። ክዳኑ ሳይገጠም ያደረ የጨው ዕቃ ጠዋት ሲከፈት ጨው እርስ በርሱ ተያይዞ፣ አልቦ ይገኛል። ይህን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። አንዲት የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪን ግን ይኸው ተራ ነገር የሦስት ቀን ሥራዋን ሊያስጥላት ጥቂት ነበር የቀረው።

ሐምሌ ላይ ነው። ተማሪዎቹ በተግባር ትምህርት አስፒሪን ሠርተዋል፤ አጥርተውታል፤ አድርቀውታልም። የቀራቸው የሠሩት ነጭ ዱቄት በእርግጥ አስፒሪን መሆኑን በኢንፍራሬድ መሣሪያ ማረጋገጥ ነበር። ልጅቷ የታተመላትን ወረቀት ይዛ መጣችና ጣቷን በግራ በኩል ባለ አንድ ሰፊ ሸለቆ ላይ አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ የኔ አልተሠራም መሰለኝ። ፊኖሉ እንዳለ ነው።»

ስህተቷ የሰነፍ ስህተት አልነበረም። እንዲያውም መማሪያ መጽሐፉ ያስተማራትን በትክክል ነበር የተጠቀመችው። ችግሩ መጽሐፉ ስለ ናሙናው እንጂ ናሙናው ስለ ተጋገረበት ጨው ብዙም አለመናገሩ ነው።

ጥያቄዋን ለመረዳት አስፒሪን ከምን እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። መነሻው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ይህ ሞለኪውል ስድስት ካርቦን ባሉት ቀለበት ላይ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ክንዶች አሉት። አንደኛው የአሲድ ክንድ ነው። ሁለተኛው ፊኖል የሚባለው ነው፤ አንድ ኦክስጅን ጫፉ ላይ አንድ ሃይድሮጅን ይዞ የተቀመጠበት። ሳሊሲሊክ አሲድን ከአሴቲክ አንሃይድራይድ ጋር ስናሞቀው የፊኖሉ ሃይድሮጅን ይነቀልና በቦታው አሴቲል የሚባል ቁራጭ ይተከላል። አስፒሪን ማለት ይኸው ነው። የአሲዱ ክንድ አይነካም። እንግዲህ «አስፒሪኑ ተሠርቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወደ አንድ ነገር ይጠብባል፤ ያ የፊኖል ኦክስጅን ሃይድሮጅኑን ለቋል ወይስ አልለቀቀም? ኬሚስቶች እንዲህ ያሉትን የሞለኪውል ክንዶች ፈንክሽናል ግሩፕ ይሏቸዋል። ሞለኪውሉ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖረው የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ኢንፍራሬድ ብርሃን እነዚህን ክንዶች አንድ በአንድ ሊለያቸው ይችላል። ብርሃኑን በ1800 ያገኘው ዊልያም ሄርሼል ነው፤ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ሙቀት አሳየው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ይህ ብርሃን የአተሞችን ትስስር የሚያርገበግብ መሆኑ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ ወፍራም ክር ሲሆን ደግሞ ይወፍራል። የአተሞች ትስስርም ጠንካራ ሲሆን ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤ ጫፉ ላይ ያለው አተም ሲከብድ ደግሞ ይዘገያል። ሃይድሮጅን ከአተሞች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ እሱን የያዙ ትስስሮች ከሁሉ ፈጣኖቹ ናቸው። ካርቦንና ኦክስጅን በሁለት እጅ የተያያዙበት ካርቦኒል ደግሞ መካከል ላይ ይውላል።

መሣሪያው እነዚህን ቅኝቶች በሞገድ ቁጥር ይጽፋቸዋል፤ አንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ሞገድ እንደሚገባ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ግራው ጫፍ 4000፣ ቀኙ 400 ነው። ብርሃኑ በናሙናው ሳይነካ ካለፈ መስመሩ ከላይ ይሄዳል። አንድ ትስስር የራሱን ቅኝት ሲያገኝ ግን ብርሃኑን ይውጠውና መስመሩ እዚያ ላይ ሸለቆ ይሠራል። ካርቦኒል 1700 አካባቢ ጠባብና ጥልቅ ሸለቆ ያወጣል። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተያያዙበት ትስስር ከ3000 በላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ሃይድሮጅኖች ጎረቤት ያለን ኦክስጅን መጎተት ስለሚወዱና ሁሉም በእኩል ስለማይጎትቱ ነው። መቶ ክራር በትንሽ በትንሹ እየተለያየ ሲቃኝ እንደሚሰማው ዓይነት።

አሁን ሁለቱን ዱቄቶች እናወዳድር። ሳሊሲሊክ አሲድ ሲነበብ ካርቦኒሉ 1655 አካባቢ ነው፤ ለካርቦኒል ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ጎኑ ያለው ፊኖል ሃይድሮጅኑን ወደ እሱ ዘርግቶ ስለሚጎትተው ክሩ ላላ ብሏል። ፊኖሉ ራሱ ደግሞ 3230 አካባቢ ግልጽ ሸለቆ ያወጣል። አስፒሪን ላይ ያ የ3230 ሸለቆ ይጠፋል። በአንድ ካርቦኒል ፈንታ ሁለት ይመጣሉ፤ አንዱ አዲስ የተተከለው የኤስተር ካርቦኒል ሲሆን 1750 አካባቢ ነው፤ ሌላው የአሲዱ ነው፤ 1690 አካባቢ። የአሲዱ ሃይድሮጅን አሁንም ስላለ ከ3300 ጀምሮ እስከ 2500 ድረስ የሚንዘላዘል፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ሰፊ ቁልቁለት ይቀራል። ይህን ከፊኖሉ ጋር ማምታታት የጀማሪዎች የመጀመሪያ ስህተት ነው። ልጅቷ ግን ይህንን አልተሳሳተችም።

የእሷ ወረቀት ላይ 1750 እና 1690 ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። እንግዲህ አስፒሪን አለ። ያሳሰባት 3400 አካባቢ የተኛው ሰፊ ሸለቆና 1635 ላይ ያለ አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ነበር። የመጀመሪያውን «ያልተነቀለ ፊኖል»፣ ሁለተኛውን «የሳሊሲሊክ አሲዱ ካርቦኒል» ብላ አነበበቻቸው። ሁለቱ ሲደመሩ ታሪኩ የተሟላ ይመስላል፤ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ቀርቷል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። 1635 እና 1655 በወረቀቱ ላይ የጥፍር ያህል እንኳ አይራራቁም።

ናሙናዋን ያዘጋጀችው በፔሌት ነበር። ዱቄት እንዳለ ለብርሃን አይመችም፤ እንደ ጉም ይበትነዋል። በብርጭቆ ላይ ማስቀመጥም አይቻልም፤ ብርጭቆ ለዓይናችን ግልጽ ቢሆንም አብዛኛውን የዚህን ክልል ብርሃን ይውጠዋል። ፖታሲየም ብሮማይድ የተባለው ጨው ግን እስከ 400 ድረስ ያሳልፈዋል፤ አተሞቹ ከባድ ስለሆኑና ትስስራቸውም ልል ስለሆነ ርግብግቢያቸው ከዚያ በታች ነው የሚውለው። ሌላም ደግ ጠባይ አለው። ብርቱ ግፊት ሲያርፍበት እንደ ሊጥ ፈሶ ይያያዝና ብርጭቆ የመሰለ ክብ ገጽ ይሠራል። ናሙናው በውስጡ ተበትኖ ይቀመጣል።

ይህን ዘዴ በ1952 ሁለት ቡድኖች ሳይገናኙ አወጡት። በጀርመን ሺት እና ራይንቫይን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በአሜሪካ ደግሞ በሚሺጋን ግዛት አድሪያን ከተማ፣ በሲዬና ሃይትስ ኮሌጅ ታስተምር የነበረች የዶሚኒካን መነኩሲት፣ ሚርያም ስቲምሰን፣ ከባልደረባዋ ኦዶኔል ጋር አሳተመችው። የስቲምሰን ጥያቄ ከተማሪያችን ጥያቄ ጋር መመሳሰሉ ይገርመኛል። ያጠናችው ሳይቶሲን ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ ነው፤ በዚያ ዘመን የእነዚህ ፊደላት ኦክስጅን ሃይድሮጅን ይዟል ወይስ ካርቦኒል ሆኖ ነው ያለው የሚለው ገና ያከራክር ነበር። እሷም ያንኑ ልዩነት ፍለጋ ነበር ጨው የምታትመው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ሚሊግራም ያህል ናሙና፣ ሁለት መቶ ሚሊግራም ያህል ደረቅ ጨው። መጀመሪያ ናሙናው ብቻውን በአጌት ሙቀጫ ይደቅቃል፤ ከዚያ ጨው ይጨመርበትና ይዋሐዳል። ድብልቁ ዲያሜትሩ 13 ሚሊሜትር በሆነ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ አየሩ በፓምፕ እየተሳበ ከስምንት እስከ አሥር ቶን በሚደርስ ግፊት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይታተማል። የሚወጣው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክብ ነው። በእሱ በኩል የጋዜጣ ጽሑፍ ማንበብ ከተቻለ ደህና ነው።

አብዛኛው ጊዜ ግን መጀመሪያ ላይ አይነበብም። ሁለት ነገሮች ያደበዝዙታል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። አንደኛው ያልደቀቀ ናሙና ነው። የዱቄቱ ቅንጣት ከብርሃኑ ሞገድ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ስለዚህ ከሁለት ማይክሮሜትር በታች እስኪሆን መፈጨት አለበት። አለመፈጨቱ ወረቀቱ ላይ ይታወቃል፤ መስመሩ በግራ በኩል ከታች ይጀምርና ወደ ቀኝ ሲሄድ እንደ ተራራ መንገድ እየወጣ ይመጣል፤ ሸለቆዎቹም በአንድ ጎናቸው ተጣመው ይታያሉ። መፍትሔው አብዝቶ መፍጨት ነው። ሁለተኛው ነገር ግን እርጥበት ነው፤ ጨው በሙቀጫ በተፈጨ ቁጥር አየር የሚነካው ገጹ ይበዛል፤ ውሃም ይጠጣል። ለዚህ ነው ናሙናው ብቻውን በደንብ ተፈጭቶ ጨው በመጨረሻ የሚጨመረው። ተማሪዎች ሁለቱን አንድ ላይ ጨምረው አሥር ደቂቃ ሲወቅጡ ሳይ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ጨው እያጠጡ መሆናቸውን ደጋግሜ እናገራለሁ። ሰሚ ግን የለም።

ያ ውሃ ነው ሸለቆውን ያመጣው። ውሃ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው፤ ትስስሩ ሲዘረጋ 3400 አካባቢ ሰፊ ሸለቆ ይሠራል፤ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች እንደ መቀስ ሲከፈቱና ሲዘጉ ደግሞ 1635 አካባቢ ትንሽ ሸለቆ ያወጣል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚመጡት። ከፊኖል የሚለዩትም በዚሁ ነው። ፊኖሉ 3230 አካባቢ ቢሆን ኖሮ አጃቢው 1655 ላይ፣ ያውም ብርቱ ካርቦኒል ሆኖ በወጣ ነበር።

ነገር ግን ይህን ሁሉ በቃል ከማስረዳት የሚሻል ፈተና አለ። «እስኪ ጨው ብቻ አትሚ» አልኳት። ምንም ናሙና ያልገባበት፣ ከዚያው ጠርሙስ የወጣ ሁለት መቶ ሚሊግራም ጨው። ወረቀቱ ሲወጣ 1750 የለም፤ 1690 የለም፤ ሌላው ሁሉ ጠፍ መሬት ነው። 3400 እና 1635 ግን በቦታቸው ተጋድመዋል። ልጅቷ ሁለቱን ወረቀቶች ደራርባ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋቻቸውና ሳቀች።

ባዶውን ፔሌት መነሻ አድርጎ መቀነስ ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፔሌት የጠጣው ውሃ ስለሚለያይ ቅነሳው እኩል አይወጣም። አንዳንዴ ትርፍ ሸለቆ ይቀራል፤ አንዳንዴም ቦታው ላይ ወደ ላይ የወጣ ጉብታ ይታያል። 3400 አካባቢ ያለ ነገር ወሳኝ የሆነበት ጥያቄ ሲመጣ ፔሌት ጥሩ ምስክር አይደለም። በራሱ እጅ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ይጨምራል።

ስለዚህ ወደ ሌላው ዘዴ ሄድን። ላቦራቶሪው ውስጥ ኤቲአር የሚባለው መሣሪያ ነበር። በእሱ ናሙናው አይፈጭም፣ በጨው አይጋገርም፣ ብርሃንም በውስጡ አያልፍም። ስሙን በአማርኛ ብንተረጉመው «የተዳከመ ሙሉ ነጸብራቅ» እንደማለት ነው፤ የትርጉሙን ምንነት ለማየት ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ብርጭቆውን ከዓይንዎ ከፍ አድርገው ይያዙና የውሃውን ገጽ ከታች በሰያፍ ይመልከቱት። ገጹ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከላይ ያለው ጣራ አይታይም። ብርሃን ከወፍራም ነገር ወደ ቀጭን ነገር በሰያፍ ሲመጣ መውጣት ያቅተውና ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ሲመለስ ድንበሩን በጥቂቱ ሳይሻገር አይቀርም። ከገጹ ወዲያ አንድ ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ይረግጥና ይመለሳል። እዚያ ላይ የሚውጠው ነገር ካገኘ ተዳክሞ ይመለሳል። ይህን ለናሙና ምርመራ ያዋሉት በ1960ዎቹ መባቻ ሃሪክ እና አምስተርዳም ውስጥ በሼል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ፋረንፎርት ናቸው።

የእኛ መሣሪያ ድንበር አልማዝ ነው፤ ከምስር ፍሬ ያነሰች፣ ብረት ሳህን ላይ የተቀረጸች። አሠራሩ ደቂቃ አይፈጅም። አልማዟ በአይሶፕሮፓኖል ትጠረግና እስክትደርቅ ይጠበቃል፤ ባዶዋን ትነበባለች፤ ከዚያ በስፓቱላ ጫፍ ጥቂት ዱቄት ይደረግባትና ከላይ ያለው መጭመቂያ ተጠምዝዞ ይወርዳል። መጭመቁ ለጌጥ አይደለም። ብርሃኑ የሚረግጠው አንድ ሁለት ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ ዱቄቱ ከአልማዟ ጋር ካልተጣበቀ ብርሃኑ የሚያገኘው አየር ነው። ሸለቆዎቹ ሁሉ ገና ሲታዩ የሰለሉ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግንኙነቱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ዱቄቱ እንዳለ ተጠርጎ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል፤ ፔሌት ውስጥ የገባ ናሙና ግን አይመለስም።

ይህም የራሱ ስህተቶች አሉት። ከሁሉ የሚበዛው ባዶዋን ስትነበብ ባዶ ያልነበረች አልማዝ ነው። ከቀደመው ናሙና ቅሪት ካለባት መሣሪያው ያንን እንደ ባዶ ይቆጥረውና ኋላ ከሚመጣው ላይ ይቀንሰዋል፤ ሸለቆዎች ተገልብጠው ጉብታ ሆነው ይወጣሉ። ያልተነነ አይሶፕሮፓኖልም 2970 አካባቢ እንዲሁ ያደርጋል። መሣሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚተነፍስ ተማሪ ደግሞ 2350 ላይ የራሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጽፎ ይሄዳል። አልማዝም ራሷ ከ1900 እስከ 2300 ባለው ክልል ብርሃን ትበላለች፤ እዚያ የሚውሉትን ናይትሪልና አልካይን የሚባሉ ቡድኖች ለሚፈልግ ሰው ይህ ያስቸግረዋል። አስፒሪን እዚያ ምንም ስለሌለው እኛን አልነካንም።

የልጅቷ ዱቄት በአልማዟ ላይ ሲነበብ ያ የ3400 ሸለቆ የለም። 1635ም የለም። የኤስተሩና የአሲዱ ካርቦኒሎች አሉ፤ ግን ከፔሌቱ ጥቂት ወደ ታች ወርደዋል፤ የአሲዱ 1680 አካባቢ ሆኗል። ልጅቷ ይህንንም አስተዋለች፤ «ቲቸር፣ ሌላ ነገር ሆነ እንዴ?» አለች። አልሆነም። ብርቱ ሸለቆ አካባቢ ቁስ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ይቀያየራል፤ በኤቲአር ላይ የብርሃኑ እርምጃ በዚያ መጠን ስለሚወሰን የሸለቆው ወለል ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይንሸራተታል። ለዚህ ነው በኤቲአር የተነሣን ወረቀት በፔሌት ከተሠራ የድሮ መዝገብ ጋር ቁጥር በቁጥር ማስተያየት የማይገባው። ኮምፒውተሩ ማስተካከያ አለው፤ በአንድ መንገድ የተነሡ ሁለት ወረቀቶችን ማስተያየት ግን ከየትኛውም ማስተካከያ ይሻላል።

እዚህ ላይ ታሪኩን «ኤቲአር አሸነፈ» ብሎ መዝጋት ይቀናል። ብዙ ሰው የሚዘጋውም እንዲሁ ነው። እኔ ግን የልጅቷን ጥያቄ እንደገና ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የጠየቀችው 3000 እና ከዚያ በላይ ስላለ ሸለቆ ነው፤ ኤቲአር ደግሞ ከሁሉ የሚደክመው እዚያው ላይ ነው።

ብርሃኑ ድንበሩን ተሻግሮ የሚረግጠው ርቀት ከሞገዱ ርዝመት ጋር አብሮ ያድጋል። በአልማዝ ላይ፣ ለተለመደ ኦርጋኒክ ዱቄት፣ በ45 ዲግሪ፣ 1000 ላይ ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ይገባል። 3230 ላይ ግን ሞገዱ አጭር ስለሆነ 0.6 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በፔሌት ብርቱ ሆኖ የሚወጣ የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ሸለቆ በኤቲአር ላይ ከሌሎቹ አንጻር ሰልሎ ይወጣል። ጥቂት ፊኖል ቢኖር ኖሮ ኤቲአር ሊያደባብሰው ይችል ነበር። ፔሌት የሌለውን ሲጨምር ኤቲአር ያለውን ይቀንሳል፤ ሁለቱም በአንድ ቦታ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዋሻሉ። በኤቲአር «የለም» ያለውን የ3230 ሸለቆ ብቻ ይዤ ፊኖል የለም ብዬ አልፈርምም።

የሚያዋጣው ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ካለ 1655 ላይ ካርቦኒሉ አለ፤ እዚያ ብርሃኑ ከአንድ ማይክሮሜትር በላይ ስለሚገባ በደንብ ይታያል፤ ውሃም በኤቲአር ላይ እዚያ አያሳስትም። የምን ያህሉን መጠን ማየት እንደምንችል ለማወቅ ከመደርደሪያው ንጹሕ አስፒሪንና ንጹሕ ሳሊሲሊክ አሲድ አውጥተን ቀላቀልን። ከአሥር አንድ እጅ ሳሊሲሊክ አሲድ ሲሆን ከ1680ው ሸለቆ በስተቀኝ ትከሻ አበጠ፤ ልጅቷ ሳይነገራት አየችው። ከመቶ ሁለት እጅ ሲሆን ግን ሦስታችንም ተጠጋግተን አይተን አልተስማማንም። የእሷ ናሙና ትከሻ አልነበረውም። እንግዲህ በሐቀኝነት የሚባለው «አስፒሪን ነው፤ ብዙ ሳሊሲሊክ አሲድ የለበትም» ነው። «ምንም የለበትም» ማለት አይቻልም።

ለቀሪው ኢንፍራሬድን ትተን ወደ አሮጌው ጠብታ ተመለስን። ፌሪክ ክሎራይድ ፊኖል ሲያገኝ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ በጥቂቱም ቢሆን። የልጅቷ ዱቄት በአልኮል ሟሙቶ አንድ ጠብታ ሲወድቅበት ስስ ሐምራዊ ጥላ ሰጠ። ሁለቱ ትልልቅ ዘዴዎች ያላዩትን ጥቂት ቅሪት ጠብታው አየው። ይህ ያልተለመደ አይደለም። አስፒሪን እርጥበት ሲነካው ቀስ ብሎ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ይመለሳል፤ የቆየ የአስፒሪን ጠርሙስ ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸተውም ለዚህ ነው። የዚያን ቀን የክረምት አየር ጨዉን ብቻ አልነበረም የነካው።

ፔሌት ታዲያ ለምን እስካሁን አለ? አንድ ሚሊግራም ናሙና ብቻ ሲኖር፣ ደካማ ሸለቆዎችን ማጉላት ሲያስፈልግ፣ ወይም የሚመሳከረው መዝገብ በፔሌት የተሠራ ሲሆን አሁንም ያገለግላል። በተጨማሪም ዋጋው ነው፤ ጨው እና ማተሚያ ብቻ ያለው ላቦራቶሪ አልማዝ እስኪገዛ ተቀምጦ አይጠብቅም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ብዙ መድኃኒቶች ሃይድሮክሎራይድ በሚባል መልክ ነው የሚሠሩት። እነዚህን በፖታሲየም ብሮማይድ ሲያትሟቸው በግፊቱ ውስጥ ክሎራይዱና ብሮማይዱ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ከዚያ የሚነበበው የገባው መድኃኒት መሆኑ ይቀርና ሌላ ጨው ይሆናል። የመድኃኒት መመዘኛ መጻሕፍት ለነዚህ ፖታሲየም ክሎራይድ እንዲተካ የሚፈቅዱት ስለዚህ ነው። መፍጨትና መጭመቅ የአንዳንድ መድኃኒቶችን የክሪስታል አደራደርም ይቀይራል፤ ያኔም የወረቀቱ ሸለቆዎች አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ማምሻውን ላቦራቶሪውን ስንዘጋ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ቴክኒሻን የጨዉን ጠርሙስ አንስተው ነቀነቁት። እንደ ጠጠር ተንኳኳ። ማድረቂያ ማሰሮው ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄልም ሰማያዊነቱን ትቶ ሮዝ ሆኗል፤ ሳምንት ያለፈው ይመስላል፤ ማንም ልብ አላለውም ነበር። ጨዉን ሳህን ላይ ዘርግተው ምድጃው ውስጥ አስገቡና መቶ አሥር ዲግሪ ላይ አደረጉት። «ይደር» አሉ፤ ጄሉን ደግሞ በታችኛው መደርደሪያ ላይ።